ከ0 እስከ 5 የሚቆጥር ወደላይ-ወደታች ቆጣሪ፦ ሎድ ሳደርግ Q0 ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው የሚታዘዘኝ

#1 ቤቲ_ኤሌክ

ሰላም ለሁላችሁ። በጄኬ ፍሊፕ ፍሎፕ ከ0 እስከ 5 የሚቆጥር ባለ 3 ቢት ቆጣሪ እየሠራሁ ነው። የሰዓት መቁጠሪያ ላይ የደቂቃው አስር ቤት ይሆናል። M=1 ሲሆን ወደ ላይ ይቆጥራል፣ M=0 ሲሆን ወደ ታች። ወደ ላይ ሲሄድ ከ5 በኋላ 0 ይመጣል፣ ወደ ታች ሲሄድ ከ0 በኋላ 5። L=1 ከሆነ ደግሞ መቁጠሩን ትቶ በሚቀጥለው የክሎክ ጠርዝ ላይ በP2 P1 P0 ያስቀመጥኩትን ቁጥር መያዝ አለበት።

ለቆጠራው ከኤክሳይቴሽን ቴብሉና ከካርኖ ማፑ ያወጣሁት ይሄ ነው፦

```
J0 = K0 = 1
J1 = M·Q2'·Q0 + M'·Q2·Q0'
K1 = M·Q0 + M'·Q0'
J2 = M·Q1·Q0 + M'·Q1'·Q0'
K2 = M·Q0 + M'·Q0'
```

6 እና 7ን ዶንት ኬር አድርጌያቸዋለሁ። ቆጠራው በሁለቱም አቅጣጫ አንድም ስህተት የለውም። ሎድን ለQ1 እና ለQ2 ጨምሬያለሁ፤ L=0 ሲሆን የላይኛው ቀመር ያልፋል፣ L=1 ሲሆን ለJ P፣ ለK ደግሞ P' ያልፋል። Q0 በየክሎኩ ስለሚገለበጥ J0ንና K0ን በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር አሰርኳቸው።

ችግሩ፦ P ላይ 4 አድርጌ ሎድ ስል አንዳንዴ 4፣ አንዳንዴ 5 ይገባል። L=1 እንደያዝኩ ክሎኩ ሲቀጥል 4፣ 5፣ 4፣ 5 እያለ ይመላለሳል። ቺፑን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቁልፉ እየነጠረ ይሆን? 74LS76 ነው የምጠቀመው፣ ክሎኩ ከ555 የሚመጣ 1 ኸርዝ።

#2 ሽቦ_አጥባቂ

በJ እና በK በኩል ሎድ ለማድረግ ምን አደከመሽ? ቺፑ ላይ ፕሪሴትና ክሊር የሚባሉ እግሮች አሉ እኮ። ለእያንዳንዱ ቢት ሁለት ናንድ ይበቃል። L እና P ናንድ ሆነው ወደ ፕሪሴት፣ L እና P' ናንድ ሆነው ወደ ክሊር ይግቡ። L=1 ስትይ ቁጥሩ ወዲያው ይገባል፣ J እና K ውስጥ ያለውን ቀመርሽን አትነኪውም። ብዙ ቦርድ ላይ እንደዚህ ነው የሚሠራው።

#3 መምህር_ዜሮአንድ

ሽቦ_አጥባቂ ያለው ወረዳ ይሠራል፣ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም። ፕሪሴትና ክሊር ክሎክ አይጠብቁም። "በሚቀጥለው የክሎክ ጠርዝ ላይ" የሚለው ቃል ጥያቄው ውስጥ አለ። በፕሪሴት በኩል ከተጫነ L ከፍ ብሎ ባለበት ጊዜ ሁሉ ፍሊፕ ፍሎፑ P የሚለውን ይከተላል። በL ላይ የምትመጣ የጥቂት ናኖ ሰከንድ ሹል ምት እንኳ ቁጥሩን ታጠፋዋለች፤ L ከሌላ ጌት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለችው ምት አትቀርም። በJ እና በK በኩል ሲሆን ግን ቁም ነገሩ L በጠርዙ ሰዓት ምን እንደሆነ ብቻ ነው።

ወደ ቤቲ ጥያቄ እንምጣ። ቁልፉም አልነጠረ፣ ቺፑም አልተበላሸ። J0=K0=1 ማለት "ገልብጥ" ማለት ነው፣ ለ5 ቮልት ደግሞ L መኖሩን የነገረው የለም። ሎድ በተባለበት ጠርዝ ላይ Q2 እና Q1 ከP ይወስዳሉ፣ Q0 ግን እንደ ልማዱ ይገለበጣል። ከሎዱ በፊት Q0=1 ከነበረ ወደ 0 ይሄድና 4 ታያለሽ። Q0=0 ከነበረ 5 ታያለሽ። ግማሹን ጊዜ ትክክል የሚመስለው ለዚህ ነው፤ L=1 ተይዞ 4 እና 5 የሚመላለሰውም ለዚሁ። ቁልፍ ቢነጥር ኖሮ እንዲህ ሥርዓት ያለው ስህተት አይሠራም ነበር።

ስህተቱ የመጣው የሎዱ ረድፎች ቴብሉ ውስጥ ስላልገቡ ነው። ቀመሩ ከቆጠራው ብቻ ወጣ፣ ሎዱ በኋላ ተለጠፈበት። ለሎዱም ያንኑ ኤክሳይቴሽን ቴብል ጻፊ፤ አራት ረድፍ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ ስቴት P ራሱ ስለሆነ፦

```
L=1
Q  P(ቀጣይ)   J  K
0   0       0  X
0   1       1  X
1   0       X  1
1   1       X  0
```

ከJ ዓምድ ላይ X የሆኑትን እንደሚመቸን ብንሞላቸው J=P ይሆናል። ከK ዓምድ K=P' ይሆናል። Q ከቀመሩ ጠፋ፤ ጄኬ ለሎድ የሚመቸው ለዚህ ነው። አሁን ለQ0 ሁለቱን ስናጣምር፦

```
J0 = L'·1 + L·P0  = L' + P0
K0 = L'·1 + L·P0' = L' + P0'
```

በናንድ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጌት ብቻ ነው፣ ኢንቨርተርም አያስፈልገውም፦

```
K0 = NAND(L, P0)
J0 = NAND(L, K0)
```

L=0 ሲሆን ሁለቱም 1 ናቸው፣ ይገለበጣል። L=1 ሲሆን K0=P0'፣ J0=P0 ይሆናል። J0ንና K0ን ከ5 ቮልት ፍቺና እነዚህን አስገቢ።

#4 ሽቦ_አጥባቂ

መምህር፣ ልክ ነዎት፣ ጠርዙን ረስቼዋለሁ። ግን በእጅ ቁልፍ ለሚጫን መቁጠሪያ ልዩነቱን ማን ያየዋል? L ከቁልፍ እንጂ ከጌት አይመጣም፣ ሹል ምት የሚሉት ከየት ይገባል?

#5 መምህር_ዜሮአንድ

ቁልፉ ሲለቀቅ ይታያል። L የሚወርደው ከክሎኩ ጠርዝ ጋር ተገጣጥሞ ከሆነ አንዱ ፍሊፕ ፍሎፕ ክሊሩ ተነሥቶለት ሲቆጥር ሌላው ገና ተይዞ ይቀራል። በ1 ኸርዝ ይሄ ስንት ጊዜ ይገጥማል ካልከኝ፣ እምብዛም። እምብዛም የሚመጣ ስህተት ግን ለማግኘት የሚከብደው ነው።

#6 በር_ቆጣሪ

እኔ 74HC193 አንድ ብቻ አድርጌ በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ ሰዎችን እቆጥራለሁ። ሁለት የብርሃን ሴንሰር አለ፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች። ይሄ ሁሉ ቀመር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ 193 ግዢና ጨርሺው። የእኔ ችግር አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲወዛወዝ ቁጥሩ ዝም ብሎ መጨመሩ ነው፣ መፍትሔ ያለው ካለ?

#7 ካርኖ_ነገር

በር_ቆጣሪ፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ክር ይፈልጋል። ዋናው የሁለቱን ሴንሰሮች ቅደም ተከተል ማየት ነው እንጂ ቆጣሪው አይደለም።

ለቤቲ ግን 193 አይሆናትም። አንደኛ የአቅጣጫ እግር የለውም፣ ለላይና ለታች የተለያዩ ሁለት ክሎኮች ናቸው ያሉት። ሁለተኛ ሎዱ ክሎክ አይጠብቅም። 74LS191 የአቅጣጫ እግር አለው፣ ሎዱ ግን እሱም ክሎክ አይጠብቅም። ሁለቱንም የሚያሟላው 74LS169 ነው። ከ191 ወደ 169 የሚዞር ሰው አንድ ነገር ይያዝ፤ የአቅጣጫው እግር የተገለበጠ ነው። 169 ላይ ከፍ ሲል ወደ ላይ ይቆጥራል፣ 191 ላይ ከፍ ሲል ወደ ታች። 169 ደግሞ እስከ 15 ይሄዳል፣ 5 ላይ ለማዞር ዙሪያውን ጌት መጨመር ግድ ነው። ስለዚህ የቤቲ መንገድ ያን ያህል የባከነ አይደለም።

#8 ቤቲ_ኤሌክ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ናንድ አስገባሁ፣ አሁን 4 ስል 4 ነው፣ L ብይዘውም ንቅንቅ አይልም።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ለሙከራ P ላይ 6 አድርጌ ሎድ አልኩና ወደ ታች አስቆጠርኩት። 5 ይመጣል ብዬ ስጠብቅ 1 መጣ! ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ቴብል በቲ ፍሊፕ ፍሎፕ ሠርቼው ነበር፣ እዚያ 6 ላይ ወደ ታች ስል 5 ነው የሚመጣው። ቴብሉ አንድ ሆኖ መልሱ ለምን ተለያየ? የቱ ነው ትክክል?

#9 ካርኖ_ነገር

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ምክንያቱም 6 ላይ ምን እንደሚሆን ቴብሉ ላይ አልጻፍሽም። X ስትጽፊ "ምንም ቢሆን ግድ የለኝም" ብለሽ ውሳኔውን ለካርኖ ማፑ ክበብ ሰጠሽው። ክበቦቹ ደግሞ በየፍሊፕ ፍሎፑ ዓይነት ይለያያሉ።

አንዱን በእጅ እንሂድበት። ጄኬ፣ ስቴት 6 ማለትም Q2 Q1 Q0 = 110፣ M=0። K1 እና K2 ሁለቱም M·Q0 + M'·Q0' ናቸው፣ እዚህ 1 ይሆናሉ። J2 = M'·Q1'·Q0'፣ Q1=1 ስለሆነ 0። J=0 K=1 ስለዚህ Q2 ወደ 0። J1 = M'·Q2·Q0' = 1፣ K1ም 1፣ ስለዚህ Q1 ይገለበጥና 0። Q0 ይገለበጥና 1። ውጤቱ 001። ይኸው 1 አለሽ።

በቲ ያወጣሽው የሚከተለው መሆን አለበት፦

```
T0 = 1
T1 = M·Q2'·Q0 + M'·Q0'·(Q1 + Q2)
T2 = M·Q0·(Q1 + Q2) + M'·Q1'·Q0'
```

እዚህ 6 ላይ M=0 ሲሆን T1=1፣ T2=0፣ T0=1። Q2 ይቆያል፣ ሁለቱ ይገለበጣሉ፣ 101። ማለትም 5።

ስለዚህ ጉዳይ ስጀምር አላቆምኩም፣ በዲ ፍሊፕ ፍሎፕም አወጣሁት። ከጥግ ያሉት ሁለት ስቴቶች በሦስቱ እንዲህ ይሄዳሉ፦

```
        ወደ ላይ (M=1)     ወደ ታች (M=0)
JK      6 → 7 → 0       7 → 6 → 1
T       6 → 7 → 2       7 → 6 → 5
D       6 → 7 → 4       7 → 6 → 3
```

አንድ ቴብል፣ ሦስት ፍሊፕ ፍሎፕ፣ ስድስት የተለያየ መውጫ። አንዱም እዚያው ታስሮ አይቀርም፣ ቢበዛ በሁለት ክሎክ ወደ ዑደቱ ይመለሳል። አቅጣጫውን በየክሎኩ ከ6 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 6 እያልሽ ካላወዛወዝሽው በስተቀር።

#10 ሽቦ_አጥባቂ

እንግዲያው ምን ችግር አለ? ራሱን ያስተካክላል፣ ይቅር።

#11 መምህር_ዜሮአንድ

እዚህ ላይ ነው ሎድ ያለው ቆጣሪ ሎድ ከሌለው የሚለየው። ሎድ የሌለው ቆጣሪ 6ን የሚያየው ኃይል ሲበራ ወይም ረብሻ ሲመጣ ብቻ ነው። ክሊሩን በ10 ኪሎ ኦምና በ1 ማይክሮ ፋራድ ብታስሪው ሲበራ ለ10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዝቅ ብሎ ከ0 ያስነሣዋል፣ ከዚያ በኋላ X ብሎ መጻፍ ያስኬዳል። ሎድ ሲኖር ግን 6 በበሩ የሚገባ እንግዳ ነው። ተጠቃሚው P ላይ 110 ካደረገ ይገባል። "አይከሰትም" ብለን X የጻፍንበት ምክንያት ፈረሰ።

ርካሹ መፍትሔ ቴብሉን ሳይነኩ በሩን መጠበቅ ነው። P2=1 ሲሆን P1ን 0 ማድረግ ብቻ፦

```
P1' የሚወጣውም J1 የሚገባውም ከዚህ ነው፦
R1 = P1·P2'
```

አንድ አንድ ጌት ነው። 6 የሞከረ ሰው 4 ያገኛል፣ 7 የሞከረ 5። ስህተት የሚሠራበት ቦታ አለ፤ J1 መስመር ላይ R1ን አስገብቶ K1 መስመር ላይ የድሮውን P1' መተው። ያኔ P2=P1=1 ሲሆን J1=0፣ K1=0 ይሆንና Q1 የነበረውን ይዞ ይቀራል። ከ2 ወይም ከ3 ተነሥተሽ 6 ሎድ ብትይ 6 ራሱ ይገባል፣ ከ0 ብትይ ግን 4። ከየት እንደተነሣሽ የሚለያይ ሎድ ካየሽ መጀመሪያ K መስመሩን እዪ።

#12 ካርኖ_ነገር

መምህር፣ በዚህ አልስማማም። 6 ያስገባ ሰው 4 ማግኘቱ ስህተቱን መደበቅ ነው። እኔ ብሆን P2·P1=1 ከሆነ L ራሱ እንዳያልፍ አደርጋለሁ፣ ቁጥሩ ሳይቀየር ይቀራል።

#13 መምህር_ዜሮአንድ

L ካላለፈ እኮ ቁጥሩ ሳይቀየር አይቀርም፣ ይቆጥራል። L=0 ማለት ቁጠር ማለት ነው፣ "ዝም በል" የሚል ግብዓት የለንም። 3 ላይ ሆኖ 6 ሎድ ያለ ሰው 4 ያያል፣ እሱም ከሎዱ የመጣ ይመስለዋል። መቆሚያ ግብዓት ካለ ሐሳብህ ያስኬዳል፣ ከሌለ የባሰ ግራ ያጋባል።

#14 ካርኖ_ነገር

መቆሚያ ይጨመርበታ! ለማንኛውም ይሄ የዲዛይኑ ባለቤት ምርጫ ነው።

#15 ጠርዝ_ጠባቂ

በሩ ላይ ብዙ ተወራ፣ 6 በመስኮትም ይገባል። M በክሎኩ ጠርዝ ሰዓት ሲቀየር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስቴት 3 ላይ ናችሁ፣ 011። ወደ ላይ ቀጣዩ 100 ነው፣ ወደ ታች 010። M ልክ ጠርዙ ሊመጣ ሲል ቢገለበጥ የQ2 ጌቶች አሮጌውን M፣ የQ1 ጌቶች አዲሱን M ያደረሱበት ቅጽበት ሊገጥም ይችላል፤ መንገዳቸው እኩል አይደለምና። Q2 "ወደ ላይ ነው" ብሎ 1 ይሆናል፣ Q1 "ወደ ታች ነው" ብሎ 1 ላይ ይቆያል፣ Q0 0። ወጣላችሁ 110። በተቃራኒው ከሆነ 000። P ላይ የፈለጋችሁትን ዘበኛ ብታቆሙ ይሄንን አይከላከልም።

መፍትሔው M በቀጥታ ከቁልፉ ወደ ጌቶቹ እንዳይሄድ ነው። መጀመሪያ በዚያው ክሎክ በሚሠራ አንድ ፍሊፕ ፍሎፕ ይለፍ። ቤቲ ሁለት ባለ ሁለት ጄኬ ቺፕ ነው ያላት፣ ሦስቱን ተጠቅማለች፣ አራተኛው ቁጭ ብሏል። J=M፣ K=M' አድርጋ ውጤቱን ለቆጣሪው ብትሰጠው አቅጣጫው አንድ ክሎክ ይዘገያል እንጂ በጠርዙ ላይ አይወላውልም። ክሎኩ በጣም ፈጣን ከሆነ ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል፣ ለ1 ኸርዝ አንዱ ይበቃል። LS ቺፖች J እና K ከጠርዙ በፊት ወደ 20 ናኖ ሰከንድ ተረጋግተው እንዲቆዩ ይፈልጋሉ፣ ለዚያ ከበቂ በላይ ጊዜ አለ። ለLም ያው ነው፣ እሱም ከእጅ ቁልፍ ከመጣ።

አንድ ሌላ ጥያቄ፦ ቺፑ ላይ የተጻፈውን በትክክል አንብቢልኝ። 74LS76 ነው ወይስ 7476?

#16 ቤቲ_ኤሌክ

ውይ። SN7476N ይላል። LS የለውም። ልዩነት አለው? እግሮቹ አንድ ናቸው አይደል?

#17 ጠርዝ_ጠባቂ

እግሮቹ አንድ ናቸው፣ 5 ላይ ቪሲሲ 13 ላይ ግራውንድ። ውስጡ ግን አንድ አይደለም። 74LS76A ክሎኩ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ብቻ J እና Kን ያያል። የድሮው 7476 ማስተር-ስሌቭ ነው፤ ክሎኩ ከፍ ባለበት ጊዜ ሁሉ ማስተሩ ክፍት ነው፣ ሲወርድ ወደ ውጤቱ ያስተላልፋል። ክሎኩ ከፍ ሳለ J ላይ አንዴ ብልጭ ያለች 1 ትያዛለች፣ ብትጠፋም ማስተሩ አይረሳትም።

በአንቺ ቀመር እንየው። ስቴት 0፣ M=1፣ ቀጣዩ 1 መሆን አለበት። ክሎኩ ከፍ ሳለ የM ቁልፍ ለአፍታ ወደ 0 ነጥሮ ይመለስ። በዚያች አፍታ J2 = M'·Q1'·Q0' = 1 ይሆናል፣ ማስተሩ "Q2 ወደ 1" ብሎ ይይዛል። M ወደ 1 ቢመለስም J2=0፣ K2=0 ስለሆነ የሚያስለቅቀው የለም። ክሎኩ ሲወርድ Q2=1፣ Q0=1፣ ውጤቱ 101። ወደ ላይ እየቆጠርሽ ከ0 ወደ 5 ዘለለ፣ ጠርዙ ላይ M ትክክል ሆኖ ሳለ። ኦሲሎስኮፕ በጠርዙ ላይ ብቻ ብታዪ ምክንያቱን አታገኚውም።

ለ555 ደግሞ የተለመደው አገናኝ ከፍ ያለበት ጊዜ ዝቅ ካለበት ይረዝማል። በ1 ኸርዝ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ክፍት መስኮት አለሽ ማለት ነው። ቁልፍ ሲነጥር እዚያ ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሚሻለው 74LS112 ወይም 74LS76A ማግኘት ነው። 112 የእግር አቀማመጡ ሌላ ነው፣ 16 ላይ ቪሲሲ 8 ላይ ግራውንድ፣ 76ን ነቅሎ በቦታው መሰካት ቺፑን ሊያበላሽ ይችላል። ካልተገኘ M እና L ክሎኩ በሚወርድበት ጠርዝ በሚሠራ ፍሊፕ ፍሎፕ ተስተካክለው ክሎኩ ከፍ ሳለ እንዳይንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። P ደግሞ L=1 ሳለ አይነካ።

#18 ሽቦ_አጥባቂ

ለዚህ ነው እኔ ዲ የምወደው። 74HC175 አንዱ አራት ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ ይዟል፣ Q'ም ይሰጣል፣ ክሎክና ክሊር የጋራ። ሎዱ D = L'·Dቆጠራ + L·P ብቻ ነው። ለጄኬ ስድስት መስመር ስትቀያይሩ እኔ ሦስት።

#19 መምህር_ዜሮአንድ

ሎዱ ላይ ትቆጥባለህ፣ ቆጠራው ላይ ትከፍላለህ። የዲ ቀመር ለ0–5 ሲሆን D1 ብቻውን አራት ቁራጭ ነው፦

```
D1 = M·(Q2'·Q1'·Q0 + Q1·Q0') + M'·(Q1·Q0 + Q2·Q0')
```

የቤቲ ጄኬ ግን በትክክል ካየነው ያምራል። K1 እና K2 አንድ ናቸው፤ E እንበላቸው። J1ና J2ም የE ብዜት ናቸው፦

```
E  = M ⊕ Q0'
K1 = K2 = E
J1 = E·(M ⊕ Q2)
J2 = E·(M ⊕ Q1')
```

ፍሊፕ ፍሎፑ Q'ን በነፃ ስለሚሰጥ ሦስት ኤክስኦርና ሁለት አንድ ጌት ይበቃል። አንድ 7486፣ አንድ 7408። ሎዱ የሚቀያይራቸው J1፣ K1፣ J2፣ K2 አራት ናቸው፣ 74LS157 ደግሞ በትክክል አራት መቀያየሪያ አለው። L በእግር 1፣ እግር 15 ግራውንድ፣ ቆጠራው በA በኩል፣ P እና P' በB በኩል። አንድ 7400፦ ሁለቱ ናንድ ለJ0 እና ለK0፣ ሁለቱ P1' እና P2' ለማውጣት። 7486 ላይ የቀረው አራተኛ ኤክስኦር አንድ እግሩ 5 ቮልት ላይ ታስሮ ጠርዝ_ጠባቂ የፈለገውን M' ይሰጣል። ከሁለቱ ጄኬ ጋር ስድስት ቺፕ፣ የሚባክነው ሁለት አንድ ጌት ብቻ ነው፣ ከእነሱም አንዱ የP1 ዘበኛ ይሆናል። ያልተጠቀማችሁበትን ፕሪሴት ግን ከ5 ቮልት ጋር እሰሩት፤ ክፍት የተተወ እግር የረብሻ አንቴና ነው።

#20 ቤቲ_ኤሌክ

ኤክስኦሩን አላየሁትም ነበር፣ እኔ በአንድና በኦር ብቻ አሥር ምናምን ጌት ነበር የሞላሁት። የ112 ትእዛዝ ሰጥቻለሁ።

መጨረሻ አንድ ጥያቄ። ይሄ አስር ቤት ስለሆነ መቆጠር ያለበት የአንድ ቤቱ ወደ ላይ ሲሆን 9፣ ወደ ታች ሲሆን 0 ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ክሎኩን በጌት ልዝጋው?

#21 ጠርዝ_ጠባቂ

ክሎኩን አትንኪ! ጌት የገባበት ክሎክ ሌላ ሹል ምት ያመጣል፣ ሎዱም ክሎክ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ የአንድ ቤቱ 9 ካልሆነ ሎድ አይታዘዝም።

EN የሚል ግብዓት ጨምሪ። የመምህር ቀመር እዚህ ይጠቅማል፤ J1፣ K1፣ J2፣ K2 ሁሉም በE ስለሚባዙ ENን አንዴ E ላይ ብቻ ታስገቢዋለሽ፦

```
E  = EN·(M ⊕ Q0')
J0 = L'·EN + L·P0
K0 = L'·EN + L·P0'
```

የሁለት ናንዱ ዘዴ ግን ከእንግዲህ አይሠራም፣ L=0 ሲሆን ሁልጊዜ 1 ስለሚሰጥ። J0 እና K0ም መቀያየሪያ ይፈልጋሉ፣ ሁለተኛ 157 ማለት ነው።

#22 ካርኖ_ነገር

መቆሚያው መጣ እንግዲህ፣ መምህር። 6 ሎድ ሲባል L እና EN አብረው ይዘጉ የሚለው ሐሳቤ ተመልሷል።

#23 መምህር_ዜሮአንድ

ተመልሷል፣ ግን የአንድ ቤቱ ሎድ ምን ይሁን? አስር ቤቱ 6ን እምቢ ሲል አንድ ቤቱ የራሱን ቁጥር ከተቀበለ ግማሽ ሎድ ነው። 65 ያስገባ ሰው 3ቱን ይዞ 35 ያያል።

#24 ካርኖ_ነገር

የሁለቱም L ከአንድ ቦታ ይዘጋ።

#25 ሽቦ_አጥባቂ

ለተሳሳተ ቁጥር አንድ ቀይ መብራት አድርጉና ተገላገሉ።